«ልጄ፣ ወረቀቱ ምን ይላል?»

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ማሽኑን ገና አልከፈትኩም። በሩ ላይ አንዲት እናት ቆመዋል። አርብ ዕለት አንገታቸውን በአልትራሳውንድ ያየሁላቸው ናቸው። አርብ ሲመጡ ቀጥ ብለው ነበር የሚራመዱት፤ ሰኞ ግን ግድግዳ ግድግዳውን ይዘው ነው የገቡት። ዓይናቸው አብጧል። የነጠላቸውን ጫፍ ፈቱና አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። እኔው የጻፍኩት ወረቀት ነው።

«ልጄ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ስንት ጊዜ ቀረኝ?» አሉኝ።

ደነገጥኩ። አርብ ዕለት ያየሁት ነገር ለዚህ ጥያቄ የሚያበቃ አልነበረም። እንዲያውም ጄሉን ከአንገታቸው ላይ እየጠረግኩ፣ ንቅሳታቸው ሲያምር ብያቸው ስቀው ነበር የሄዱት። ምን ተፈጠረ ብዬ ወንበር ሰጠኋቸውና ጠየቅኳቸው።

የሆነው እንዲህ ነው። ወረቀቱን ይዘው ቤት ገቡ። የልጅ ልጃቸው አሥረኛ ክፍል ነው። «እስቲ አንብብልኝ» አሉት። ልጁ እንግሊዝኛውን አነበበ፤ ያልገባውን በስልኩ ፈለገ። መጨረሻ ላይ «ማይልድሊ ሰስፒሽየስ» የሚል ነገር አለ። ስልኩ «ተጠርጣሪ» ብሎ ተረጎመለት። ልጁ ዝም አለ። እሳቸውም ፊቱን አይተው ጨረሱት። ከዚያ ሦስት ሌሊት እንቅልፍ የለም። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ሄደው ንስሐ ገብተዋል። ለትልቋ ልጃቸው ስለ ቤቱ ካርታ ነግረዋታል።

እኔ የራዲዮሎጂ ሐኪም ነኝ። የምጽፈው ሪፖርት የሚሄደው ምርመራውን ላዘዘው ሐኪም ነው። ከሙያ ጓደኛዬ ጋር በሙያችን ቋንቋ የማወራበት ወረቀት ነው። እኛ ሀገር ግን ወረቀቱን ተሸክሞ የሚሄደው ታማሚው ራሱ ነው። ከእኔ እጅ ወጥቶ ሐኪሙ እጅ እስኪገባ ድረስ በታማሚው ቦርሳ፣ በትራሱ ሥር፣ በጎረቤቱ እጅ ይቆያል። የእኚህ እናት ቀጠሮ ከአሥር ቀን በኋላ ነበር። ለአሥር ቀን ለሐኪም የተጻፈ ቃል ይዘው ብቻቸውን ሊቀመጡ ነበር ማለት ነው።

ወረቀቱ ላይ የነበረው ይኸው ነው። በቀኝ በኩል ባለው የታይሮይድ ክፍል 18 በ15 በ11 ሚሊሜትር የሆነ ኖጁል፤ ሶሊድ፣ አይሶኤኮይክ፣ ከቁመቱ ወርዱ የሚበልጥ፣ ጠርዙ የተስተካከለ፣ ካልሲፊኬሽን የሌለው። ታይ-ራድስ 3፣ ማይልድሊ ሰስፒሽየስ። በ1፣ በ3 እና በ5 ዓመት በአልትራሳውንድ ክትትል።

ሐኪም ይህን ሲያነብ ትከሻው ዘና ይላል። ለምን እንደሆነ ላስረዳ። ታይ-ራድስ የምንለው የአሜሪካ ራዲዮሎጂ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣው የነጥብ አሰጣጥ ነው። አንገት ላይ ላገኘነው ጉብታ አምስት ነገር አይተን ነጥብ እንሰጣለን። ውስጡ ምንድን ነው? ውሃ ከሆነ 0፣ ጥቅጥቅ ያለ ሥጋ ከሆነ 2። በስክሪኑ ላይ መልኩ ምን ይመስላል? ከዙሪያው ጋር አንድ ዓይነት ከሆነ 1፣ ከዙሪያው ከጠቆረ 2 ወይም 3። ቅርጹ፣ ጠርዙ፣ በውስጡ የሚያብረቀርቁ ነጠብጣቦች መኖራቸውም እንዲሁ ይቆጠራል። የእኚህ እናት ጉብታ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ 2፣ መልኩ ከዙሪያው ጋር ስለሚመሳሰል 1 አገኘ። ሌላው ሁሉ ዜሮ ነው። ድምሩ 3። በዚህ ደረጃ ላይ ካሉ ጉብታዎች ካንሰር ሆነው የሚገኙት ከመቶ አምስት ያህሉ ናቸው። 7 እና ከዚያ በላይ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር፤ እዚያ ከመቶ ሠላሳ አምስት ያህሉ ናቸው።

የሦስተኛው ደረጃ ስም ግን በእንግሊዝኛ «ትንሽ የሚያጠራጥር» ነው። የደረጃ ስም ብቻ ነው። ሐኪም ስሙን አልፎ ቁጥሩን ያነባል። ታማሚ ግን ቁጥሩን አልፎ ስሙን ያነባል። አማርኛው ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል። በእኛ ቋንቋ ተጠርጣሪ ማለት ፖሊስ የያዘው ሰው ነው። ሰው «ተጠርጣሪ» ሲባል ጥፋተኛ ላይሆን ይችላል ብሎ የሚያስብ ጥቂት ነው። አብዛኞቻችን በልባችን ፈርደን ጨርሰናል።

እናም በዚያ ጠዋት መጀመሪያ የወጣኝ ቃል ሁላችንም የምንለው ቃል ነው። «እናቴ አይዞዎት፣ ምንም አይደለም!»

ቀና ብለው አዩኝ። «ምንም ካልሆነ ታዲያ ለምን አምስት ዓመት ነይ ትያለሽ?»

መልስ አጣሁ። ልክ ናቸው። «ምንም አይደለም» እና «በዓመቱ ይመለሱ» አብረው አይሄዱም። ሰው ሁለቱን በአንድ ጊዜ ሲሰማ አንዱን ይጥላል። የፈራ ሰው «ምንም አይደለም» የሚለውን ይጥልና የደበቁኝ ነገር አለ ይላል። ያልፈራ ሰው ደግሞ ቀጠሮውን ይጥላል። ይህን ሁለተኛውን በዓይኔ አይቻለሁ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንዲትን ሴት በዚያው አፌ «ምንም አይደለም፣ ሂጂ» ብዬ ሸኘኋት። ክትትሉ ወረቀቱ ላይ ተጽፏል፤ በእንግሊዝኛ። ከአራት ዓመት በኋላ ስትመጣ ጉብታው በዓይን ይታይ ነበር፤ ድምጿም ጎርንኗል። «አንቺ ምንም አይደለም ስላልሽኝ ነው የተውኩት» አለችኝ፣ ያለ ምንም ቁጣ። ያ ነገር እስከዛሬ ከውስጤ አልወጣም። ማረጋጋት ውሸት መሆን እንደሌለበት ያስተማረችኝ እሷ ናት። የተረጋጋ ሰው ግን ያልተመለሰ ሰው ከሆነ፣ ያረጋጋሁት እኔን ነው እንጂ እሷን አይደለም።

ስለዚህ እኚህን እናት «እስከ ምሳ ሰዓት ይጠብቁኝ፣ በአማርኛ እጽፍልዎታለሁ» አልኳቸው። ወረፋ የያዙ ሰዎች ነበሩ። በየመሃሉ በአንድ የተጻፈበት ወረቀት ጀርባ ላይ መሞነጫጨር ጀመርኩ።

የመጀመሪያው ሙከራዬ እንዲህ ይላል፦ «በታይሮይድ ዕጢዎ የቀኝ ክፍል ላይ ዕጢ ተገኝቷል። ካንሰር የመሆን ዕድሉ 5 በመቶ ነው። በየጊዜው ክትትል ያስፈልገዋል።»

ትክክል ነው። አንድም ስህተት የለውም። መልሼ ሳነበው ግን እንግሊዝኛውን በፊደል የቀየርኩት ብቻ መሆኑ ታየኝ።

ዕጢ የሚለውን ቃል ተመልከቱ። በአማርኛ ዕጢ ሁለት ነገር ነው። አንዱ ሁላችንም ስንወለድ ይዘነው የምንመጣው፣ ለሰውነታችን ፈሳሽና ሆርሞን የሚያመርተው አካል ነው። ሌላው ሳይጠራ የሚበቅል እብጠት ነው። «የጭንቅላት ዕጢ አለበት» ሲባል ሁላችንም የምንሰማው ሁለተኛውን ነው። ታዲያ «በታይሮይድ ዕጢዎ ላይ ዕጢ» ስል ምን አልኩ? አንገቷ ላይ ዕጢ መኖሩን እንኳ የማታውቅ ሴት በአንድ ዓረፍተ ነገር ሁለት ዕጢ አተረፈች። ሐኪሞች ስለምንለምደው አይታየንም። ዕጢ የሚለውን ቃል ከወረቀቱ ላይ ሙሉ በሙሉ አወጣሁት። ለመጀመሪያው «እንቅርት የሚወጣበት ቦታ» አልኩ። እንቅርትን የማያውቅ የለም። ጎጃም ነው ያደጉት፤ በልጅነታቸው እንቅርት ያለበት ሰው በየመንደሩ ነበር። ለሁለተኛው «ጉብታ» አልኩ። እባጭ ልል ነበር፤ እባጭ ግን መግል ያለበት፣ የሚፈርጥ ነገር ነው። ሰው «አፍርጡልኝ» ይላል። ጉብታ ምንም አይነካም፤ መሬትም ላይ አለ።

ቀጥሎ ዕድል። «ካንሰር የመሆን ዕድሉ» የሚለው አባባል በየሬዲዮው ስለሚነገር ለምዶብናል። ግን ዕድል መልካም ነገር ነው። ሎተሪ ነው፣ ትዳር ነው፣ ልጅ ነው። አንዲት እናት ከካንሰር ጎን ዕድል የሚለውን ቃል ስትሰማ ዕጣ ፈንታዋ የተነገራት ነው የሚመስላት። የተጻፈባት ነገር። የተጻፈ ነገር ደግሞ ክትትል አይመልሰውም።

5 በመቶም እንዲሁ። በመቶ ለባንክ ወለድ እንጂ ለፈራ ሰው አይሆንም። ቁጥሩን ወደ ሰው መለስኩት። እንደ እርስዎ ያለ ጉብታ ያላቸው ሃያ ሴቶች እዚህ ኮሪደር ላይ ቢሰለፉ፣ አሥራ ዘጠኙ ካንሰር የለባቸውም፤ አንዷ ሊኖርባት ይችላል። ሁለቱንም ወገን ነው የጻፍኩት። «አሥራ ዘጠኙ ደህና ናቸው» ብዬ ብቻ ላቆም ነበር፤ እጄ ወደዚያ ነበር የሚያዘነብለው። ግን ያቺ አንዷ እኮ ናት የዓመቱ ቀጠሮ ምክንያት። እሷን ካወጣኋት የቀጠሮው ምክንያት ይጠፋል፤ ያቺ ድምጿ የጎረነነው ሴት የደረሰባት ይደገማል። ቁጥሩ የተገኘው አሜሪካ ውስጥ በታዩ ሕመምተኞች ላይ ስለሆነ፣ «ያህል» የምትለዋን ቃልም አልጣልኳትም።

እስከዚህ ስደርስ ጥሩ የጻፍኩ መሰለኝ። ወጥቼ ላነብላቸው ስል ግን አንድ ነገር አቆመኝ። ምን እንደፈሩ አልጠየቅኳቸውም። ካንሰር እንደሆነ ገምቻለሁ፤ ግን ካንሰር ስንት ዓይነት ፍርሃት አለው!

ጠየቅኳቸው። መጀመሪያ ዝም አሉ። ከዚያ «ብረት» አሉኝ። እህታቸው ጡቷ ላይ እብጠት ነበረባት። ተቆረጠ፤ በዓመቱ ሞተች። በቤተሰቡ የተያዘው ታሪክ ብረት ስለነካው ተሰራጨ የሚል ነው። እሳቸው ሦስት ሌሊት ያደሩት ሞትን ብቻ ፈርተው አይደለም። «መርፌ እንወጋዋለን» ሲሉኝ እምቢ ብል ልጆቼ ይቀየሙኛል፣ እሺ ብል ደግሞ ራሴን በራሴ ገደልኩ እያሉ ነው።

ይህን ባልጠይቅ ኖሮ ወረቀቴ ላይ ስለ መርፌ አንዲት ቃል አይኖርም ነበር። ምክንያቱም ሪፖርቱ ላይ መርፌ የለም። በታይ-ራድስ ሦስተኛ ደረጃ ላይ ያለ ጉብታ በመርፌ ናሙና የሚወሰድለት 2.5 ሴንቲሜትር ሲደርስ ነው። የእሳቸው 1.8 ነው። 1.5 ካለፈ በአልትራሳውንድ እንከታተለዋለን፤ ከዚያ በታች ከሆነ ክትትልም አያስፈልገውም። ለእኔ መርፌ አለመኖሩ የሚጻፍ ነገር አልነበረም። ለእሳቸው ግን ከወረቀቱ ሁሉ ትልቁ ዜና እሱ ነበር።

ስለ ብረቱም ዝም ብዬ አላለፍኩም። «ይህ ውሸት ነው» ማለት እህታቸውን መንካት ስለሆነ በቀስታ ነው የሄድኩት። ሰዎች ቀዶ ሕክምና የሚመጡት ብዙ ጊዜ ነገሩ ከተሰራጨ በኋላ ነው፤ ስለዚህ ቢላው ያሰራጨው ይመስላል፤ ቀድሞ የነበረውን ግን ቢላው አያመጣውም አልኳቸው። ወደፊት መርፌ ቢያስፈልግም ቀጭን ነው፤ ደም ለመመርመር ከሚቀዳበት መርፌ አይወፍርም። ራሳቸውን ነቀነቁ። መቶ በመቶ ያመኑኝ አይመስለኝም። ግን ሰሙኝ።

ከዚያ ምርመራውን ላዘዘው ሐኪም ደወልኩ። ይህን ደረጃ የሚዘሉ ሰዎች አሉ፤ እኔም ዘልዬው አውቃለሁ። አንድ ታማሚ ከሁለት ሐኪም ሁለት ዓይነት ቃል ከሰማ የሚያምነው የባሰውን ነው። የጻፍኩትን በስልክ አነበብኩለት። የደም ምርመራቸው ላይ የታይሮይድ ሆርሞናቸው ደህና መሆኑን ነገረኝ፤ ጨመርኩት። «ቶሎ የሚመለሱበትን ምልክት ጻፊላቸው፤ ድምፅ መጎርነንን እንዳትረሺ» አለኝ። እሱንም ጨመርኩ።

መጨረሻ ላይ በትልልቅ ፊደል የጻፍኩት ይህን ነው፦

«እናቴ፣ ይህን ወረቀት የጻፍኩልዎት አንገትዎን ያየሁት ሐኪም ነኝ። ያየሁት ነገር ካንሰር አይመስልም። አሁን ቀዶ ሕክምናም መርፌም አያስፈልግዎትም።

በአንገትዎ ፊት ለፊት፣ እንቅርት በሚወጣበት ቦታ፣ በስተቀኝ አንዲት ትንሽ ጉብታ አለች። የደረቀ ባቄላ ታክላለች። እንዲህ ያለ ጉብታ ብዙ ሴቶች አሏቸው፤ ብዙዎቹም አያውቁትም። የደምዎ ምርመራም ደህና ነው።

እንደ እርስዎ ያለ ጉብታ ካላቸው ሃያ ሴቶች አሥራ ዘጠኙ ያህል ካንሰር የለባቸውም። አንዷ ሊኖርባት ይችላል። ያቺ አንዷ እርስዎ እንዳልሆኑ በደንብ ለማወቅ፣ ባቄላዋ ማደግ አለማደጓን እናያለን። ያቺ አንዷ ቢሆኑ እንኳ፣ እዚህ ቦታ የሚወጣው ካንሰር አብዛኛው ቀስ ብሎ የሚሄድና የሚታከም ነው። ዓመት ብንጠብቅ የሚያመልጠን ነገር ይኖራል ብለን አንሰጋም።

የዛሬ ዓመት፣ መስቀል ካለፈ በኋላ ይመለሱ። ካላደገች ቀጣዩ ከዚያ ሁለት ዓመት ቆይቶ ነው።

ከዚያ በፊት ግን ድምፅዎ ጎርንኖ ከሁለትና ሦስት ሳምንት በላይ አልመለስ ካለ፣ እህል ሲውጡ ከተናነቀዎት፣ ጉብታዋ በፍጥነት ካደገች፣ ወይም በአንገትዎ ጎን ሌላ ጠንካራ ነገር በእጅዎ ካገኙ፣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይምጡ።»

ይህን ለመጻፍ የፈጀብኝ ጊዜ ሲደመር ከአርባ ደቂቃ አይበልጥም። «ካንሰር» የሚለውን ቃል ከመጀመሪያው አንቀጽ ላውጣው ወይ ብዬ ብዙ አመነታሁ። ብዙ ሐኪሞች «መጥፎ በሽታ» ወይም «ያ ነገር» ይላሉ። አሮጌው ቃል ነቀርሳም አለ፤ ግን ሰው ነቀርሳ ሲባል የሳንባውንም ያስባል። እኔ የወሰንኩት ቃሉ ይኑር ብዬ ነው። ሦስት ሌሊት የጠየቁት ጥያቄ እሱ ነው። መልሱ በሌላ ስም ቢመጣ፣ ለጥያቄያቸው እንደተመለሰ በምን ያውቃሉ? ደግሞ መጀመሪያ ላይ መሆን አለበት። የፈራ ሰው ወረቀት ሲነበብለት ያችን ቃል ነው የሚጠብቀው። እስክትመጣ ድረስ ሌላ ነገር ጆሮው ውስጥ አይገባም።

«አይመስልም» የሚለውንም ሆን ብዬ ነው የመረጥኩት። «አይደለም» አላልኩም። በአልትራሳውንድ ብቻ «አይደለም» ማለት አልችልም። ይህች ልዩነት ግን በጽሑፍ ብቻ አታልፍም። አነበብኩላቸውና «አሁን ቤት ሲገቡ ለልጅ ልጅዎ ምን ብለው ይነግሩታል?» አልኳቸው።

«ካንሰር አይደለም ተባልኩ እለዋለሁ።»

«እናቴ፣ አይደለም አላልኩም። አይመስልም ነው ያልኩት።»

አሰብ አደረጉ። ልዩነቷ ስትገባቸው ፊታቸው ላይ አየኋት፤ ትንሽ ደመና አለፈ። ያን ደመና ማሳለፌ ከበደኝ፤ ሲስቁ ብሸኛቸው ደስ ይለኝ ነበር። «እንግዲያው ደመናውን አይተሽ አይዘንብም እንደማለት ነው» አሉኝ። «አዎ፣ ልክ እንደሱ። ለዚህ ነው ጃንጥላው ቤት ይኑር የምልዎት።» «ጃንጥላው መስቀል ካለፈ በኋላ ያለው ቀጠሮ ነው?» «እሱ ነው።»

እኔ ያልጻፍኩትን እሳቸው በአንድ አፍ ጨረሱት። ከዚያ ወዲህ የዝናቧን ነገር ለስንት ሰው ተናግሬያታለሁ፤ የእሳቸው ናት።

ሊሄዱ ሲነሱ የጎረቤት ምክር ቆጠሩልኝ። ጎመን ተከልክለዋል። አንዷ ጨው ተዪ ብላለች። ጎመን እንደ ልማድዎ ይብሉ አልኳቸው። ጨውን ግን ተይ ያለቻቸው ተሳስታለች። እንቅርት የሚበዛው አዮዲን በሚያንስበት ደጋ ነው፤ አዮዲኑን የምናገኘው ደግሞ ከጨው ነው። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲነሳ ከአሰብ ይመጣ የነበረው አዮዲን ያለው ጨው ቆመ፤ ጨው ሁሉ አዮዲን ይኑረው የሚለው ደንብ የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው። በመሃሉ ያለፉት ዓመታት ቀላል አልነበሩም። እሳቸው ደግሞ ከዚያም በፊት ያደጉት በአሞሌ ነው። አዮዲን ያለውን ጨው ከድነው ያስቀምጡ፣ ወጡ ሊወጣ ሲል ይጨምሩ፣ ከመጠን አያብዙ አልኩ። ይህን ወረቀቱ ላይ አልጻፍኩትም። ወረቀቱ አንድ ሥራ ነው ያለው፤ ጨው ከገባበት የድምፅ መጎርነኑ ይዋጣል። ጉብታዋንም ጨው እንደማያጠፋት ነግሬያቸዋለሁ።

ወረቀቱን አራት ቦታ አጠፉና ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩት። እንግሊዝኛውን ጠረጴዛዬ ላይ ትተው ሊሄዱ ነበር። «ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ ይኸኛው ለሐኪሙ ነው» ብዬ ሰጠኋቸው።

ከዚያ ቀን በኋላ ለአንገት ሪፖርት ሁሉ ከሥር በአማርኛ ሁለት ሦስት መስመር መጨመር ጀመርኩ። ሁሌ አይሳካልኝም። በቀን ሠላሳ ሰው ሲኖር ጊዜ የለም። አንድ ጊዜ ደግሞ አንድ ዓይነት ጽሑፍ አዘጋጅቼ አባዝቼ ለሁሉም ልስጥ ብዬ ነበር። ለምን እንደተውኩት የሚቀጥለው ይናገራል።

በዓመቱ ጥቅምት ላይ እኚያ እናት መጡ። በሁለት እግራቸው፣ ቀጥ ብለው። ድምፃቸው ያው ነው። ጄሉን ንቅሳታቸው ላይ ቀባሁና ለካሁ። 18 በ15 በ11። ደግሜ ለካሁ። «ባቄላዋ እንዴት ናት?» አሉኝ። «ባቄላ እንደሆነች ናት» አልኳቸው። እልል ሊሉ ሲሉ ውጪ ሰው እንዳለ ትዝ አላቸውና አፋቸውን ያዙ።

ውጪ ያለችው ጎረቤታቸው ነች። አርባ ዓመት ቢሆናት ነው። በእጇ የእኔን የአማርኛ ወረቀት ፎቶ ኮፒ ይዛለች። አንገቷ ላይ ጉብታ ካገኘች ወራት ሆኗታል። እትዬ ወረቀቱን ሲያነቡላት «የእኔም ያው ነው» ብላ ተረጋግታ ተቀምጣ ነበር። ሰሞኑን ግን እትዬ «አይ፣ ወረቀቱ የእኔን ነው ያየው፣ ያንቺን አላየም» ብለው ጎትተው አመጧት።

አስተኝቼ አየኋት። ከወርዱ ቁመቱ ይበልጣል። መልኩ ከዙሪያው የጠቆረ ነው። በውስጡ እንደ ጨው ፍሬ የተበተኑ ነጫጭ ነጠብጣቦች አሉ። መጠኑ 1.4 ሴንቲሜትር ነው፤ ከባቄላዋ ያንሳል። ነጥቡ ግን ከ7 በላይ ነው። ለዚህኛው ናሙና ይወሰዳል፤ ዓመት አይጠበቅም።

ማሽኑን አጠፋሁ። አንገቷን ጠርጋ ቁጭ አለች። ፎቶ ኮፒውን ከጭኗ ላይ አንስታ ያዘችው፤ እኔን እያየች። የእትዬ ቃላት ለእሷ አይሆኑም። «አይመስልም» ልላት አልችልም። «ከሃያ አሥራ ዘጠኝ» ልላት አልችልም። ባዶ ወረቀት ሳብኩ፤ እስክሪብቶዬን ግን አልከፈትኩም። ወንበሬን ወደ እሷ አስጠጋሁ።

«እህቴ፣ ያየሁትን ሁሉ እነግርሻለሁ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ስለዚህ ነገር ስታስቢ ከሁሉም በላይ የሚያስፈራሽ ምኑ ነው?»